«ልጄ ያለባት ችፌ ነው»፦ ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለች እንበል። የክርኗ መታጠፊያና የጉልበቷ ጀርባ ጠቁሯል፣ ሻክሯል፣ አንዳንዴም ይሰነጣጠቃል። ትምህርት ላይ ሆና ታካለች። መምህርቷ «እከክ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ለርዕሰ መምህሩ ይነግሯቸዋል፤ ርዕሰ መምህሩም እናትየዋ ጋ ደውለው «እስኪሻላት ድረስ ቤት ትቆይ» ይላሉ። ችፌ ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለ ስልክ ይፈራሉ፤ ቢፈሩም አይፈረድባቸውም። ችፌ በአንድ ዙር መድኃኒት ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም። ለወራት ደህና ሆኖ ሰንብቶ ሙቀት፣ ላብ ወይም ብርድ ሲነካው ይነሳል። ልጅቷ ቆዳዋ ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ ቤት ትቀመጥ ከተባለ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል።

የመምህርቷ ስጋት ግን ከክፋት የመጣ አይደለም። እከክ በእርግጥ ይተላለፋል። ቆዳ ውስጥ እየሰረሰረች እንቁላል የምትጥል፣ በዓይን ለማየት የምታዳግት ተባይ የምታመጣው በሽታ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል በስፋት ተዛምቶ ብዙ ሰው አሠቃይቷል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ «ልጄን አታግሉብኝ» ብሎ መለመን ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤው «እከክ አለመሆኑን በምን አወቃችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

መልሱ ያለው ሕመሙ በሚወጣበት ቦታና በአመጣጡ ላይ ነው። እከክ አብዛኛውን ጊዜ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይታያል። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሌላም የሚያክ ሰው ይኖራል። ችፌ ግን ብዙውን ጊዜ ከሕፃንነት ይጀምራል፤ ከፍ ባሉ ልጆች ላይ በክርንና በጉልበት መታጠፊያ፣ በአንገትና በቁርጭምጭሚት ይወጣል። በቤተሰቡ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው መኖሩም የተለመደ ነው። መነሻው ቆዳው ራሱ ነው፦ ጭቃው እንደረገፈ ግድግዳ እርጥበቱን አይይዝም፣ የሚያስቆጣውንም ነገር አይከለክልም። ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ተባይም ሆነ ጀርም የለበትም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ችፌ እምብዛም ቀልቶ አይታይም፤ ጠቆር ያለ፣ አመድማና ሻካራ ይሆናል። ከዳነ በኋላም የነጣ ወይም የጠቆረ ምልክት ለወራት ሊተው ይችላል። መምህራን አብዝተው የሚደነግጡት ይህን ምልክት ሲያዩ ነው፤ ምልክቱ ግን የዳነ ቆዳ ነው።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ልጅቷን ሐኪም ሊያያት ይገባል። ችፌ ያለበት ልጅ እከክም ሊይዘው ስለሚችል በቤት ውስጥ ሌላ የሚያክ ሰው ካለ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣

ጉዳዩ፦ የልጄ የቆዳ ሕመም ተላላፊ አለመሆኑን ስለማሳወቅ

በ2ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የቆየ ችፌ አለባት። በቆዳ ሐኪም ተመርምራ እከክም ሆነ ሌላ ተላላፊ በሽታ እንደሌለባት ተረጋግጧል፤ የሐኪሙ ማስረጃ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሕመሙ አብሮ በመቀመጥ፣ እጅ በመያያዝም ሆነ ደብተርና ልብስ በመጋራት አይተላለፍም። በክርኗና በጉልበቷ ላይ የምታዩት ጠቆር ያለ ሻካራ ቆዳ አንዳንድ ጊዜ ይነሳል፣ አንዳንድ ጊዜ ይተኛል። ይህ ከትምህርት ሊያስቀራት ስለማይገባ፣ ከጓደኞቿ ጋር በተለመደው ቦታዋ እንድትቀመጥ እጠይቃለሁ።

እንድትረዱን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከሹራቧ ሥር የጥጥ ሸሚዝ እንድትለብስ፣ ሲሞቃት ሹራቧን እንድታወልቅ፣ በእረፍት ሰዓትም ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ቅባት እንድትቀባ ይፈቀድላት። ስታክ «አትከኪ» ከመባል ይልቅ እጇን የሚያሠራ ነገር ቢሰጣት ይሻላል።

ቁስሉ ውኃ ካዘለ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ካበጀ ወይም ትኩሳት ካላት በዚያው ቀን ደውሉልኝ፤ ወደ ሐኪም እወስዳታለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው የመጨረሻውን አንቀጽ ነው። ልጁን የሚያስነቅፍበት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ለደብዳቤው እምነት የሚያሰጠው እሱ ነው እላለሁ። ችፌ ራሱ አይተላለፍም፤ የታከከና የተሰነጣጠቀ ቆዳ ግን ባክቴሪያ ሊገባበት ይችላል፣ ያ ቁስል ደግሞ ወደ ሌላ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ማር የመሰለው ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው። አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ክፍል መመለስ ይችላል። ከዚህ የሚያስፈራው በአንድ ቦታ የተሰባሰቡ፣ የሚያምና ውኃ ያዘሉ ጥቃቅን ቁስሎች ከትኩሳት ጋር ሲወጡ ነው። ይህ ችፌው ላይ የሚወጣ የቫይረስ ሕመም ስለሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። እውነተኛውን አደጋ ራሱ ቀድሞ የነገራቸውን ወላጅ መምህራን «የቀረውም ምንም አይደለም» ሲል ያምኑታል።

የሐኪሙም ወረቀት «የቆዳ ሕመም አለባት» ብቻ ካለ ጥርጣሬውን ያብሰዋል። የሕመሙን ስም፣ ተላላፊ አለመሆኑንና ልጅቷ ትምህርቷን መከታተል እንደምትችል በግልጽ እንዲጽፍ ሐኪሙን ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዘነበወርቅ የሚገኘውን የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ማየት ይችላል፤ ሌላ ቦታ ያለ ወላጅ ደግሞ ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል።

ምርመራው በእርግጥ እከክ ነው ቢል እንኳ ሳምንታት ቤት መቀመጥ አያስፈልግም። ሐኪም ያዘዘው ቅባት ማታ ከአንገት በታች መላ ሰውነት ላይ ተቀብቶ አድሮ ጠዋት ይታጠባል፤ ቤተሰቡም በአንድ ጊዜ ይታከማል። ልጁ የመጀመሪያውን ሕክምና በጨረሰ በማግሥቱ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል፤ ሕክምናው ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። ይህን የሚያውቅ ርዕሰ መምህር «እስኪሻላት» የሚለውን ትእዛዝ አይጽፍም።

ወላጆችን የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ልጁ ትምህርት ቤት «ንጹሕ» መስሎ እንዲታይ ብለው ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት የሚገዙ አሉ። ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሕመሙ ቆረቆር ወይም ሌላ ፈንገስ ከሆነ ደግሞ መልኩን ቀይሮ እንዲስፋፋ ያደርጋል። ልጁ በየዕለቱ የሚያስፈልገው ለብ ባለ ውኃ አጭር መታጠብና ቆዳው ገና ርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ነው። ስቴሮይዱ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ቀን ብቻ ይሁን።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፤ አንዱን ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለክፍል መምህርቷ ስጡ። ራሳችሁ ሄዳችሁ የልጃችሁን ክርን ገልጣችሁ አሳዩአቸው፣ በእጃችሁም ንኩት። መስከረም ላይ አዲስ መምህር ሲመጣ ደብዳቤውን እንደገና ስጡ።