የመቶ ዓመት የባቡር ታሪክ በ26 ሴንቲ ሜትር

የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ታሪክ በአምስት ዓመተ ምሕረቶች ሊጠቃለል ይችላል። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ ሰጡ። በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2016 ነው። ይህንን በፓወርፖይንት አንድ ስላይድ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሳጥኖች ይሥላል፣ በአንድ መስመር ይደረድራቸዋል፣ በመካከላቸውም እኩል ክፍተት ይተዋል።

ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ይዋሻል። ከ1894 እስከ 1897 ያለው ሦስት ዓመትና ከ1917 እስከ 2016 ያለው 99 ዓመት በስላይዱ ላይ እኩል ርቀት ይዘዋል። ተመልካቹ ታሪኩ ያለማቋረጥ በአንድ ፍጥነት የተጓዘ ይመስለዋል።

የሥራ ሂደትን በሚያሳይ ሥዕል ላይ እኩል ክፍተት ምንም ችግር የለውም። ማመልከቻ ማስገባት፣ ማጣራት፣ መክፈል፣ ደረሰኝ መቀበል ቅደም ተከተል እንጂ የጊዜ ርዝመት አይደሉም። በጊዜ መስመር ላይ ግን ርቀቱ ራሱ መረጃ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1765 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ሰንጠረዥ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ዕድሜ በመስመር ርዝመት አሳይቷል፤ ረጅም የኖረው ረጅም፣ በአጭር የተቀጨው አጭር መስመር ደረሰው።

ችግሩ እውነተኛው ርቀት ለጽሑፍ ቦታ አለመተዉ ነው። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ጊዜውን ትንንሽ ነጥቦች ይሸከማሉ፣ ጽሑፉን ደግሞ እኩል የተራራቁ ሳጥኖች ይይዛሉ፤ ሁለቱን ማያያዣ መስመሮች ያገናኟቸዋል።

መነሻው ስሌት ነው። የተለመደው ሰፊ ስላይድ ወርዱ 33.87 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ1890 እስከ 2020 ያለው 130 ዓመት ለእያንዳንዱ ዓመት 0.2 ሴንቲ ሜትር ቢሰጠው 26 ሴንቲ ሜትር ይፈጃል። መስመሩ ከስላይዱ ግራ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ተነሥቶ 30 ላይ ያበቃል። 1894 ከመነሻው አራት ዓመት ስለሚርቅ 4.8 ላይ ይውላል። በዚሁ ስሌት 1897 በ5.4፣ 1902 በ6.4፣ 1917 በ9.4፣ 2016 ደግሞ በ29.2 ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነጥቦች 1.6 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲታጨቁ፣ ከአራተኛው በኋላ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ባዶ መስመር ይታያል። በሁለቱ የባቡር ዘመናት መካከል ያለው ርቀት አሁን በዓይን የሚለካ ሆነ።

ነጥቦቹን በመዳፊት እየጎተቱ በግምት ማስቀመጥ ስሌቱን ከንቱ ያደርገዋል። ቅርጹን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Format Shape ሲከፈት፣ Position በሚለው ሥር ቁጥሩን በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ፓወርፖይንት ርቀቱን የሚቆጥረው እስከ ቅርጹ ግራ ጠርዝ እንጂ እስከ መሐሉ አይደለም። ነጥቡ 0.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ግማሹ፣ ማለትም 0.2፣ ይቀነሳል። ስለዚህ ለ1894 የሚጻፈው 4.8 ሳይሆን 4.6 ነው።

ቀጥሎ ሳጥኖቹ ይመጣሉ። አንዱ ሳጥን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ተሰጥቶት ይሠራና በCtrl+D ይባዛል። መጠናቸው አንድ ካልሆነ ቀጣዩ እርምጃ ይበላሻል፤ ምክንያቱም Distribute Horizontally የሚያመጣጥነው በሳጥኖቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ሰፊና ጠባብ ሳጥኖች ከተቀላቀሉ ክፍተቱ እኩል ይሆናል፣ መሐሎቻቸው ግን እኩል አይራራቁም።

ትእዛዙ ሌላም ጠባይ አለው፤ በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉትን ሳጥኖች ሳይነካ በመካከል ያሉትን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ በቁጥር መቀመጥ ያለባቸው ሁለቱ ጫፎች ናቸው። የመጀመሪያው ሳጥን በትክክል ከ1894 ነጥብ በላይ እንዲቆም ግራ ጠርዙ 2.3 ላይ፣ የመጨረሻው ከ2016 ነጥብ በላይ እንዲሆን 26.7 ላይ ይደረጋል። ከዚያ አምስቱም ይመረጡና፣ Align ውስጥ Align Selected Objects መመረጡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ መጀመሪያ Align Top፣ ቀጥሎ Distribute Horizontally ይታዘዛል። ሦስቱ የመካከል ሳጥኖች 8.4፣ 14.5 እና 20.6 ላይ ያርፋሉ፤ በየመካከላቸውም 1.1 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። በAlign Top ጊዜ ሁሉም የሚሰለፉት ከፍ ብሎ ካለው ሳጥን ጋር ነው፤ አንዱ በስሕተት ወደ ላይ ከተገፋ ሌሎቹን ሁሉ ይዟቸው ይወጣል።

ማያያዣዎቹ ከConnectors መካከል ክርን ያለው ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል። ጫፋቸው ከሳጥኑ ታችኛ መሐልና ከነጥቡ ራስ ጋር በደንብ ከተያያዘ፣ ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ መስመሩም ይከተላል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። የመካከሉ ሦስቱ ግን ሁሉም በአንድ ከፍታ ስለሚታጠፉ ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር ይመስላሉ። እያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ያለችውን ቢጫ ነጥብ በመጎተት የ1897ቱ ከላይ፣ የ1902ቱ ከሥሩ፣ የ1917ቱ ከሁሉም ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መስመሮቹ ይቆራረጣሉ።

ዓይን የማይለየውን ስሕተት ቁጥር ያጋልጠዋል። ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት ማያያዣ ትንሽ ጎበጥ ካለ፣ የሳጥኑና የነጥቡ መሐል አልገጠሙም ማለት ነው። ዋናው አግድም መስመር ሲመረጥ ደግሞ Height 0 ካላለ መስመሩ አዘንብሏል።

ጽሑፍ በአማርኛ ሲሆን አንድ ወጥመድ ይጨመራል። ስላይዱ የተሠራበት ፎንት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሌላ ይተካል፤ የፊደሉ ስፋትም ስለሚለያይ በሁለት መስመር ያለቀው ጽሑፍ ወደ ሦስት ይሄዳል። ሳጥኑ Resize shape to fit text ላይ ከሆነ አብሮ ያድጋል፣ አሰላለፉም ይፈርሳል። Do not Autofit መምረጥ ሳጥኑን ባለበት ያቆየዋል፤ ጽሑፉ ግን ሊያልፍ ስለሚችል መጠነኛ ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። የዘመን አቆጣጠር መቀላቀልም እንዲሁ ነው። አንዱ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከገባ ነጥቡ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት፣ ማለትም በ1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ግራ ይሸሻል።

ዘዴው ገደብ አለው። አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 መግቢያ ላይ ነው። ይህ ስድስተኛ ሆኖ ቢጨመር መሐሉ 29.6 ላይ ስለሚውል ከ2016 ነጥብ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይነካካል። ነጥቦቹ ወደ 0.3 ሴንቲ ሜትር ቢያንሱ ይለያያሉ። ሳጥኖቹም በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋታቸው ስድስት ሆነው አይበቁም፤ ወደ 4.2 ጠበው፣ ሁለቱ ጫፎች እንደገና በቁጥር ተቀምጠው፣ የመካከሉ አራቱ በአዲስ ትእዛዝ ይከፋፈላሉ። ከዚህ በላይ ክስተት ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው የድሮውን ሐዲድና የአዲሱን በሁለት የተለያዩ ስላይዶች፣ እያንዳንዱን በራሱ መለኪያ መሥራት ነው፤ መለኪያው መለወጡንም በስላይዱ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።