ፈንዱ አትርፎ ባለገንዘቡ ሲከስር

አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ በሁለት ዓመት ሃያ በመቶ አትርፎ፣ ገንዘቡን ያስገባበት ሰው ግን ሊከስር ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ብር ያስገባ ሰው የፈንዱ ዋጋ እጥፍ ቢሆን 20,000 ብር ይኖረዋል። በውጤቱ ተደስቶ 80,000 ብር ሲጨምርበት 100,000 ይሞላል። በሁለተኛው ዓመት ዋጋው 40 በመቶ ቢወርድ 60,000 ይቀረዋል፤ ከኪሱ ያወጣው ግን 90,000 ነበር። ፈንዱ በመጀመሪያው ቀን የገባውን አንድ ብር አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም አድርጎታል። ምሁራን ብዙ የኢንቨስተር ስሕተቶችን ዘርዝረዋል። ዋና ዋናዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም ሰሞኑን ያተረፈውን መከተል፣ ከልክ ያለፈ በራስ መተማመንና በውድቀት ጊዜ ደንግጦ መሸጥ፣ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ጉዳታቸው በአብዛኛው የሚመጣው መጥፎ አክሲዮን ከመምረጥ ሳይሆን ከመግባትና ከመውጣት ነው።

የመጀመሪያውን ስሕተት በአሜሪካው አርክ ኢኖቬሽን ፈንድ ማየት ይቻላል። ፈንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋጋው ወደ 150 በመቶ ገደማ ጨመረ። ብዙው ገንዘብ የጎረፈለት ግን ይህ ትርፍ ከታየ በኋላ፣ በዚያ ዓመት ማብቂያና በ2021 መጀመሪያ ላይ ነበር። ዋጋው በየካቲት 2021 ጣራ ነክቶ መውረድ ጀመረ፤ በ2022 ብቻ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣ። ቀድመው የገቡት ጥቂቶች ትርፉን ሲያዩ፣ ኋላ የመጡት ብዙዎች የተካፈሉት ኪሳራውን ነው። ያለፈው ዓመት ውጤት በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ዋጋው ከተወደደ በኋላ ስለሆነ፣ ተከታዩ ሁልጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

በራስ የመተማመኑን ዋጋ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ለክተውታል። ከ1991 እስከ 1996 የነበሩ ከ66,000 በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦችን ሒሳብ ሲመረምሩ፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት በዓመት 11.4 በመቶ አተረፉ፤ ገበያው በዚያው ጊዜ 17.9 በመቶ ሰጥቷል። ወጪው ሳይቀነስ ሲታይ ትርፋቸው ከሌሎቹ ብዙም አልራቀም። ልዩነቱን የበላው በእያንዳንዱ ግብይት የሚከፈለው ኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዛሬ ኮሚሽኑ በብዙ ቦታ ቢቀርም፣ የዋጋው ክፍተት አልቀረም።

ሦስተኛውን ስሕተት ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ያስረዱታል፤ በእነርሱ ግምት የኪሳራ ሕመም ከእኩል ትርፍ ደስታ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ቀን 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን መለኪያ 34 በመቶ ወረደ፤ በነሐሴ ግን ወደ ቀድሞው ጣራ ተመለሰ። በመጋቢት የሸጠ ሰው ሌላም ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ መቼ ይመለስ? ገበያው የሚያገግመው ዜናው ገና ክፉ ሳለ በመሆኑ፣ ፍርሃቱ እስኪለቀው የጠበቀ ከሸጠበት በላይ ከፍሎ ይገዛል።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን ክብደት አላቸው። አንደኛ፣ ዝም ብሎ መያዝ ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ኒኬይ የተባለው የጃፓን የአክሲዮን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 ማብቂያ የደረሰበትን ጣራ መልሶ ያለፈው በ2024 ነው። ይህ እውነት ነው፤ ትምህርቱ ግን ገንዘብን ሁሉ በአንድ አገር ገበያ አለማድረግ እንጂ በየውድቀቱ መሸጥ አይደለም። በቅርብ ለቤት ኪራይ ወይም ለሕክምና የሚያስፈልግ ገንዘብ ደግሞ መጀመሪያም አክሲዮን ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ጄጋዲሽና ቲትማን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ ባለፉት ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወራት የተወደዱ አክሲዮኖች ለጥቂት ወራት የመቀጠል አዝማሚያ አላቸው። ታዲያ አሸናፊን መከተል ምን ነውር አለው? ጥናቱ የሚያወራው በተወሰነ ደንብ ተገዝተው በተወሰነ ደንብ ስለሚሸጡ ብዙ አክሲዮኖች ነው፤ መውጫውን ሳይወስን በአንድ ዝነኛ ፈንድ ላይ ስለሚከማች ሰው አይደለም። ዴ ቦንትና ቴለር ደግሞ ለዓመታት የተወደዱት ኋላ ላይ በትርፍ ከተጣሉት እንደሚያንሱ እ.ኤ.አ. በ1985 አሳይተዋል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ለረጅም ጊዜ ዓመታዊ የትርፍ ድርሻውን ይጠብቅ ነበር እንጂ ዋጋውን በየቀኑ የሚያይበት ገበያ አልነበረውም። በጥር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ መሸጥን ሲያቀል መቻኮልንም ያቀላል። መድኃኒቱ ስሕተቶቹን በስም ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቋቸውም ይሳሳታሉ። የሚሻለው ለምን እንደሚገዙና በምን ምክንያት እንደሚሸጡ ዋጋው ከመነቃነቁ በፊት ጽፎ ማስቀመጥ ነው። በዓመቱ ማብቂያ ደግሞ የገባውን ገንዘብ ከነቀኑ መዝግቦ፣ ያው ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ገብቶ ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ ከሚያስገኘው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ በየዓመቱ ወደ ጉድለት ካዘነበለ፣ መስተካከል ያለበት የአክሲዮኑ ምርጫ ሳይሆን የባለቤቱ መግባትና መውጣት ነው።