ማሰሪያው ሲቀድም

«እናቴ ነገረችኝ አክስቴ እንደመጣች ከጎንደር ባለፈው ሳምንት።»

እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር አማርኛን ከቤት፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ካገኘ ሰው ብዕር ይወጣል። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው። «ነገረችኝ» ውስጥ ተናጋሪዋም ሰሚውም በቦታቸው አሉ፤ የግሱ እርባታ እንከን የለውም። ጆሮ የሚቆረቁረው ቅደም ተከተሉ ነው።

የሰዋስው መምህራን ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ጊዜውና ቦታው ከተደረደሩ በኋላ ይመጣና አንድ ላይ ይቋጫቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ከባለቤቱ አጠገብ ያኖርና የቀረውን ከኋላው ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ አስቦ በአማርኛ የሚጽፍ ሰውም «ነገረችኝ» ብሎ ካሰረ በኋላ ገና ያልተጫነ ዕቃ ይተርፈዋል።

አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ስብራቱ እምብዛም አይታይም፤ «ዳቦ በላሁ» የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን አይስትም። ችግሩ አንዱ ሐሳብ በሌላው ውስጥ ሲገባ ይመጣል። አማርኛ የውስጡን ሐሳብ አስቀድሞ፣ ዋናውን ግስ እስከ መጨረሻ ያቆያል፦ «አክስቴ ባለፈው ሳምንት ከጎንደር እንደመጣች እናቴ ነገረችኝ።»

ጉዳቱ የውበት ብቻ አይደለም። በተሰበረው ዓረፍተ ነገር «ባለፈው ሳምንት» ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አክስቲቱ የመጣችበት ጊዜ ይሁን እናት የነገረችበት አይለይም። በተቃናው ግን ቦታው ራሱ ይናገራል። «አክስቴ ከጎንደር እንደመጣች እናቴ ባለፈው ሳምንት ነገረችኝ» ከተባለ፣ ሳምንቱ የወሬው እንጂ የመንገዱ አይደለም።

ግስ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይምጣ ማለት ግን አይደለም። በግእዝ ግስ ከባለቤቱ መቅደሙ የተለመደ ነው፤ የአማርኛን ሥርዓት ብዙ የቋንቋ ምሁራን ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር ጋር ያያይዙታል። ገጣሚም ለቤት መምቻ ሲል ግሱን ያስቀድማል። በንግግርም «ሄደ እኮ ልጁ!» ይባላል። እዚህ ላይ «ልጁ» የተከተለው ተናጋሪው አስቀድሞ የታወቀውን ሰው ለማስታወስ ስለጨመረው ነው፤ ድምፁም ዝቅ ይላል። ጽሑፍ ላይ ያን ድምፅ የሚሰማ የለም።

«ምክንያቱም»ም ቢሆን በደንበኛ አማርኛ ይሠራል፤ «አልመጣሁም፤ ምክንያቱም ታምሜ ነበር» ስህተት የለበትም። በየመስመሩ ሲደጋገም ግን የእንግሊዝኛው አካሄድ ይታያል። «ስለታመምኩ አልመጣሁም» ምክንያቱን ከፊት አስቀድሞ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሰው የመጀመሪያው ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ጣቱን ያሳርፍ። ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ እስኪደርስ የቀረው ቃል ሁሉ ወደ ፊት የሚሳብ ነው፦ «መጽሐፉን ሰጠሁት ለወንድሜ ትናንት» የሚለው «ትናንት መጽሐፉን ለወንድሜ ሰጠሁት» ይሆናል።