ስሙን ደልዘው ይሞክሩት

«በሥራዎ ላሳዩት ትጋትና ቅንነት ከፍተኛ ምስጋናችንን እናቀርባለን።» ይህ ዐረፍተ ነገር ያልደረሰው የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ስሙን ደልዘው የሾፌሩን፣ የጥበቃውን ወይም የሥራ አስኪያጁን ስም ቢተኩበት አንድም ቃል መቀየር አያስፈልግም። የተመሰገነውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ የንብረት ቆጠራ ተደርጎ 14 የፕሪንተር ቀለም ጎደለ እንበል። «ጠፍቷል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ሲል፣ የሒሳብ ባልደረባዎ የዓመቱን የንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ ማለትም ሞዴል 22ን፣ ከቢን ካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። 14ቱም በሁለት ደረሰኝ ወጥተው ካርዱ ላይ ሳይመዘገቡ ቀርተው ኖሯል።

«ጎበዝ ነሽ፤ አቻ የለሽም» ቢሏት ፈገግ ትል ይሆናል። ምኗን እንዳዩላት ግን አታውቅም። እንዲህ ቢጽፉላትስ?

«ቀለሙ ጠፋ ተብሎ ሊያዝ ሲል ሞዴል 22ን ከካርዱ ጋር ስላመሳከርሽ ያልተመዘገቡት ሁለት ወጪዎች ተገኙ። እኔ የቆጠራውን ውጤት ብቻ አይቼ ልፈርም ነበር። ደረሰኞቹን በየቀናቸው አስረሽ ስላስቀመጥሻቸውም ኦዲተሩ ሲጠይቅ ወዲያው አቀረብን። አመሰግንሻለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ድንቅ»ም «ምርጥ»ም የለም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው «ልፈርም ነበር» የሚለው ነው፤ እሷ ባትኖር ምን ይሆን እንደነበር ያሳያል። እውነት ካልሆነ ግን አይጻፍ፤ እሷም ስብሰባው ላይ ነበረች። የደረሰኞቹ አያያዝ ደግሞ ማንም አላየልኝም ብላ የተወችው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነው የሚያስደስታት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ካርዱን ያልመዘገበው ሰው አልተጠቀሰም። «ያልተመዘገቡት» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ የእሷ ምስጋና የንብረት ክፍሉ ክስ መሆን የለበትም። «እንደ ሌሎቹ ሳይሆን» የምትለዋም ሐረግ ያው ናት፤ አንዷን አንሥታ አሥሩን ታስቀይማለች።

ግነትም ያጋልጣል። ነገሩ የ14 ቀለም ሆኖ ሳለ «መሥሪያ ቤቱን ከውድቀት አዳንሽ» ቢባል፣ መጀመሪያ የምትስቀው ራሷ ናት። ከሁሉ የሚብሰው ግን መጨረሻ ላይ «በዚሁ አጋጣሚ የእኔንም ሪፖርት ብታዪልኝ» ብሎ መለጠፍ ነው። ያን ጊዜ ከላይ ያለው ሁሉ እጅ መንሻ ይሆናል። የሚጠየቅ ነገር ካለ በሌላ ቀን ይጠየቅ።

በቴሌግራም ከሆነ ሁልጊዜ እንደምታነጋግሯት በ«አንቺ» ጻፉ። በደብዳቤ ከሆነ ወደ «እርስዎ» ለውጡትና ግልባጩን ለቅርብ አለቃዋና ለግል ማኅደሯ አድርጉላት፤ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ የሚገለጠው ማኅደሩ ነውና።