ሰምና ወርቅ፦ ምስጋና መስሎ ትችት የሚያደርሰው ስንኝ እንዴት ይሠራል?

አንድ አዲስ ኃላፊ ሥራውን ሲረከብ የአቀባበል ዝግጅት ይደረግለታል፤ ከሠራተኞቹም አንዱ ተነሥቶ ሁለት ስንኝ ያሰማል እንበል። ኃላፊው ፈገግ ብሎ ያመሰግናል። ከጀርባ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ሁሉም የሰሙት ቃል አንድ ነው፤ የተረዱት ጉዳይ ግን ሁለት ነው። በአማርኛ ሥነ ቃል ውስጥ ይህን ዓይነቱ አነጋገር ሰምና ወርቅ በሚል ስያሜ ይታወቃል።

ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሙያ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጽና በሸክላ ጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ክፍተትም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። በግጥሙ ውስጥ ሰም የሚባለው በመጀመሪያ ለጆሮ የሚደርሰው ግልጽ ትርጉም ሲሆን፣ ወርቅ የሚባለው ሰሙ ሲቀልጥ የሚገኘው የተሰወረ ትርጉም ነው። ሁለቱን የሚሸከመው አንድ ቃል ኅብረ ቃል ይባላል።

በዋድላ፣ በጎንጅ እና በዋሸራ የቅኔ ቤቶች የሚሰጠው የግዕዝ ቅኔ ትምህርት ግን ስያሜዎቹን በጥንቃቄ ይለያል። በቅኔ ቤት አጠራር ሰምና ወርቅ ሲባል ምሳሌውና የሚመሰለው ጉዳይ ጎን ለጎን በይፋ የሚቀመጡበት ስልት ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ ኅብር፣ ወርቁ ጠልቆ ሲሸሸግ ደግሞ ውስጠ ወይራ ይባላል። በሕዝብ ዘንድ ሦስቱም በአንድ ስም ተጠቃለው የሚጠሩ በመሆኑ፣ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ የተባለው በኅብረ ቃል የሚሠራው የአማርኛ ስንኝ ነው።

ለምሳሌ ያህል ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀውን የአቀባበል ስንኝ እንመልከት፦

ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሌላ ምን እንለምን፣
አዲሱ ሹማችን፣ ብቻ የበላይሁን።

ሰሙ ምርቃት ነው። ቤቱ የጎደለው የለም፤ አዲሱ ሹም ሆይ፣ አንተ ብቻ የበላይ ሁን የሚል ነው። ወርቁን ለማግኘት ግን የመጨረሻውን ቃል በሌላ ቦታ መክፈል ያስፈልጋል፤ "የበላ ይሁን" ይሆናል። በዚህ ጊዜ ስንኙ፣ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ሌላ የምንለምነው የለም፤ የሚሾምልን ሰው ብቻ አስቀድሞ የበላ፣ የጠገበ ይሁንልን ወደሚል ልመና ይለወጣል። የተራበ ሹም በሞላ ጎተራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይነገር ተነግሯል።

እንዲህ ያለውን ስንኝ የሚገጥም ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ ኅብረ ቃሉን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ እየተመለሰ የቀረውን ይገነባል። ኅብረ ቃሉ በስንኙ መድረሻ ላይ መዋሉ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ ትርጉሙን ለመመርመር ወደ ኋላ የሚመለሰው ሁሉም ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውና አዲስ ገጣሚዎችን የሚያስቸግረው ነጥብ፣ የቀሩት ቃላት ለሁለቱም ትርጉም መታዘዝ ያለባቸው መሆኑ ነው። ከላይ ባለው ስንኝ "ሁን" ለሁለተኛ መደብ የሚነገር ትእዛዝ ሲሆን "ይሁን" ለሦስተኛ መደብ የሚሆን ምኞት ነው። ሁለቱን ያስታረቀው "አዲሱ ሹማችን" የሚለው ሐረግ ነው፤ በሰሙ ውስጥ ጥሪ፣ በወርቁ ውስጥ ደግሞ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ያገለግላል። ገጣሚው በመጀመሪያው ስንኝ "ጎተራህ ሙሉ ነው" ቢል ኖሮ ንግግሩ ለአንድ ሰው ብቻ ይታሰርና ወርቁ ይበላሻል። "ጎተራ" የሚለው ቃልም በዘፈቀደ የገባ አይደለም። በሰሙ ውስጥ የጥጋብ ምልክት ሲሆን፣ በወርቁ ውስጥ መብላትን የሚያስታውስ ፍንጭ ነው። በእርሱ ምትክ "ቢሮው ሰፊ ነው" ቢባል ሰሙ ሳይነካ ይቀራል፤ ወርቁን የሚያገኝ አድማጭ ግን አይኖርም።

ልኩም መጠበቅ አለበት። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈል በመሆኑ፣ ኅብረ ቃሉ በሁለቱም አነባበብ ከዚህ ልክ መውጣት የለበትም።

የአክብሮት አነጋገር ሌላው ፈተና ነው። በሥራ ቦታ አንድ ኃላፊ "አንተ" አይባልም። ይሁንና "የበላይ ይሁኑ" ሲባል ኅብረ ቃሉ ይፈርሳል። በውዳሴ ግጥም ታላቅን ሰው "አንተ" ማለት ከጥንት የተፈቀደ በመሆኑ ገጣሚው ከለላ የሚያገኘው ከዚህ ልማድ ነው። ያው ስንኝ በደብዳቤ ቢጻፍ ግን ከወርቁ በፊት "ሁን" የሚለው አጠራር ራሱ ቅሬታ ሊያስነሣ ይችላል።

በጽሑፍና በቃል መካከል ያለውም ልዩነት ቀላል አይደለም። "የበላይ" ሲባል "ላ" ይላላል፤ "የበላ" ሲባል ይጠብቃል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ስንኙ በወረቀት ላይ ምስጢሩን ይጠብቃል፤ በአፍ ሲነገር ግን ተናጋሪው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ልምድ ያለው ተናጋሪ ቃሉን አላልቶ ሰሙን ይናገራል፤ ማጥበቁን ለአድማጭ ይተወዋል። አጥብቆ የተናገረ እንደሆነ ስድብ ሆኖ ያርፋል። በኅትመት ደግሞ ችግሩ ክፍተቱ ላይ ነው፤ ቃሉን አለያይቶ የጻፈ አንዱን ትርጉም መርጧል፣ አጋጥሞ የጻፈም እዚህ ላይ እንደተደረገው አንባቢውን አስጠንቅቋል።

ይህን ችግር ለማስወገድ የሚፈልግ ሰው በሁለቱም ፍቹ አነባበቡ የማይለወጥ ቃል ይመርጣል። ስለ አንድ ንፉግ ጎረቤት የሚከተለው ቢባል፦

ጎረቤቴ ደጉ፣ ቤቱ ሰው ሲሞላ፣
ሌላ ምን ያውቃልና፣ እንደ ልማዱ ጠላ።

በሰሙ ለእንግዳ የሚቀርበው መጠጥ ጠላ ነው። በወርቁ ግን ባለቤቱ ቤቱ በሰው ሲሞላ እንደ ልማዱ ጠላ፣ አልወደደም። መጠጡም ግሡም ጠብቀው ስለሚነበቡ ተናጋሪው ድምፁን መሸሸግ አያስፈልገውም። በአንጻሩ ቃሉ ብዙ ጊዜ የተሠራበት በመሆኑ አድማጭ ፈጥኖ ይነቃበታል።

ስንኙ መሳካቱ የሚታወቀው ወርቁን ያላገኘ ሰው በሰሙ ብቻ ሲደሰት ነው። አድማጩ "ምን ለማለት ነው?" ብሎ ከጠየቀ ሰሙ አልቆመም ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሳቀ ደግሞ ሰሙ ገና ሳይነገር ቀልጧል። ለተናጋሪው መከለያው የሰሙ ሙሉነት ነው፤ ተጠያቂ ቢሆን "የመረቅሁት ነው" ብሎ በእውነት መመለስ መቻል አለበት። ተተቺውም ቢሆን በአደባባይ ሳይዋረድ መልእክቱ ይደርሰዋል፤ ወርቁን ተረድቶ ሰሙን ብቻ እንደሰማ ሆኖ የማመስገን ዕድልም አለው።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. "ሰምና ወርቅ" በሚል ርእስ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ይህ የአነጋገር ልማድ በነባሩ ማኅበረሰብ ውስጥ ጠቀሜታ እንዳለው፣ ግልጽ መልእክት ለሚጠይቅ ዘመናዊ አሠራር ግን እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል አመልክተው ነበር። በእርግጥም በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ውስጥ ሳይታሰብ የሚገባ ኅብር አለ። "ገንዘቡ ለሁለቱ ክፍሎች ይከፈላል" የሚል ውሳኔ፣ ገንዘቡ ለሁለት ይካፈላል ወይስ ለእያንዳንዱ ክፍል ሙሉው ይሰጣል የሚል ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እዚህ ላይ "እኩል ተካፍሎ ይሰጣል" ብሎ ቢጽፍ ክርክሩ አይነሣም፤ ስንኝ የሚገጥመው ባልደረባው ግን "ይከፈላል" የሚለውን ለሌላ ቀን ያስቀምጠዋል።