አራት የነበሩት በሮች
ጁላይ 2014 የጸጥታው ምክር ቤት የእርዳታ መኪኖች የደማስቆን ፈቃድ ሳይጠብቁ በአራት የድንበር በሮች ወደ ሶሪያ እንዲገቡ ወሰነ። ሁለቱ በሮች ከቱርክ፣ አንዱ ከኢራቅ፣ አንዱ ከዮርዳኖስ ነበሩ።

በምክር ቤቱ አንድ ውሳኔ ለመጽደቅ ከ15ቱ አባላት የ9ኙን ድጋፍ ይፈልጋል። ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ግን ይወድቃል፤ ድምፀ ተአቅቦ አያግድም።

ዲሴምበር 2019 ፈቃዱን ለማደስ የቀረበውን ረቂቅ 13 አገሮች ደገፉት፤ ሩሲያና ቻይና ሻሩት። ፈቃዱ የሚያበቃው ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ነበር። የመሻር መብት ጉልበት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ካልተስማማ እርዳታው ስለሚቆም፣ ቀኑ ሲቃረብ የሚጨንቀው ሻሪው ሳይሆን ረቂቅ አቅራቢው ነው። ስለዚህ ሩሲያ የማትሽረው ሰነድ ተጻፈ፦ ሁለት በር፣ ስድስት ወር። የኢራቁ በር ተዘጋ፤ ለሰሜን ምሥራቅ ሶሪያ የሕክምና ቁሳቁስ ይገባ የነበረው በዚያ ነበር። በጁላይ 2020 የቀረው ባብ አል ሃዋ ብቻ ሆነ።

መዝገቡ የሚቆጥረው የተሻሩትን ረቂቆች ነው፤ መሻርን በመፍራት አስቀድመው የሳሱትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል?

ጁላይ 2023 ሩሲያ የዘጠኝ ወር ማራዘሚያውንም ሻረች። የራሷ የስድስት ወር ረቂቅ ደግሞ ያገኘው የሁለት አገሮችን ድጋፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሩን ለስድስት ወር የፈቀደው የደማስቆ መንግሥት ራሱ ነበር።