የፋሲካ ማግስት የማስታወቂያ ሒሳብ

ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለው የሽሮ ሜዳ ገበያ የአገር ባህል ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ቀሚሶቿን በፌስቡክና በኢንስታግራም ታስተዋውቃለች፤ ደንበኛ ማስታወቂያውን አይቶ ይደውላል ወይም በቴሌግራም ይጽፋል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 ለማስታወቂያ 60,000 ብር አውጥታ 150 ትዕዛዝ አገኘች። በሜይም ያንኑ 60,000 ብር አወጣች፤ የመጣው ትዕዛዝ ግን 80 ብቻ ነው። አንድ ትዕዛዝ ለማምጣት ይፈጅ የነበረው 400 ብር በአንድ ወር ውስጥ 750 ደረሰ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ ሁኔታው ግን በየዓመቱ በብዙ ሱቅ የሚደርስ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔም የታወቀ ነው፦ ማስታወቂያው ይቆማል፣ ወይም የሚሠራው ባለሙያ ይቀየራል።

ውሳኔው የተመሠረተው ሁለቱን ወሮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ ላይ ነው። በ2025 ግን ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 20፣ በእኛ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ኤፕሪል ከግማሽ በላይ የሆኑትን ቀናት ያሳለፈው በበዓል ሸመታ ነው። ሜይ ደግሞ የገባው ቤተሰቡ ለብሶ፣ በልቶና ገንዘቡን ጨርሶ ነው። ሁለቱን ወሮች ማወዳደር የበዓል ዋዜማን ከበዓል ማግስት ጋር ማወዳደር ይሆናል።

እርግጥ «በዓል አልፎ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስታወቂያውም በእውነት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በዓሉ የደካማ ሥራ መሸፈኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ነጋዴዋ መጀመሪያ ማየት ያለባት 400 ብሩ ወደ 750 የወጣው በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው።

የአንድ ትዕዛዝ ወጪ ከሦስት ነገሮች ይገነባል፦ ማስታወቂያው ለሺህ ጊዜ ለመታየት ከሚከፈለው ዋጋ፣ ካዩት መካከል ስንቱ እንደነኩት፣ ከነኩት መካከልም ስንቱ እንዳዘዙ። በምሳሌያችን በኤፕሪል ሺህ እይታ 100 ብር ያወጣ ስለነበር ማስታወቂያው 600,000 ጊዜ ታይቷል። ከመቶ እይታ 1.5 ያህሉ ተነክቶ 9,000 ንክኪ ተገኝቷል። በየ60 ንክኪው አንድ ትዕዛዝ መጥቷል። በሜይ የሺህ እይታ ዋጋ እንዲያውም ወደ 96 ብር ወርዶ ማስታወቂያው 625,000 ጊዜ ታየ፤ ከመቶ 1.4 ያህሉ ተነክቶ 8,750 ንክኪ መጣ። አንድ ትዕዛዝ የተገኘው ግን በየ109 ንክኪው ነው።

ይህ ዝርዝር ብዙ ይናገራል። የእይታው ዋጋ አልተወደደም፣ ሰዉም ማስታወቂያውን መንካት አላቆመም፤ ቀሚሱ አሁንም ዓይን ይስባል። የቀነሰው አይቶ የሚያዝዘው ሰው ነው። ማስታወቂያው ራሱ ቢሰለች ኖሮ ቀድሞ የሚወድቀው የንክኪው ቁጥር ነበር። አንድ ሰው ያንኑ ማስታወቂያ በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው የሚያሳየው አኃዝም ከወር ወር እየናረ ይሄድ ነበር። እዚህ ያ ምልክት የለም።

አይቶ የሚያዝዝ ሰው የሚቀንሰው ግን በወቅት ብቻ አይደለም። ዋጋ ተጨምሮ፣ የሚፈለገው ልክ አልቆ፣ ወይም ለቴሌግራም መልእክት መልስ የምትሰጠው ልጅ ዕረፍት ወጥታ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ማስታወቂያው የማይነካውን ሽያጭ ማየት ነው። በእግራቸው ወደ ሱቁ የመጡ ገዢዎች በኤፕሪል 300 ከነበሩና በሜይ 165 ከሆኑ፣ 45 በመቶ ቀንሰዋል ማለት ነው። ከማስታወቂያ የመጣው ትዕዛዝ የቀነሰው 47 በመቶ ነው። ሁለቱ አብረው ከወረዱ ምክንያቱ ሁለቱንም የሚነካ ነገር፣ ማለትም ገበያው ራሱ ነው። በእግር የሚመጣው ገዢ ባለበት ቆይቶ የማስታወቂያው ብቻ ቢወድቅ ግን ችግሩን በዓል ላይ ማሳበብ አይቻልም። ለዚህ ንጽጽር የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ገዢ «ከየት አይተው ነው የመጡት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ደብተር ላይ ማስፈር ብቻ ነው።

ወር ከወር የማያስኬድ ከሆነ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ማየት መፍትሔ ይመስላል። ዘንድሮ ሜይን ከአምና ሜይ ጋር ማለት ነው። ለገና ወይም ለእንቁጣጣሽ ይህ በአብዛኛው ይሠራል፤ ቀናቸው ቢንቀሳቀስ በአንድ ቀን ነውና። ፋሲካ ግን ሌላ ነው። በ2024 የዋለው ሜይ 5 ነበር፤ በ2025 ኤፕሪል 20፤ በ2026 ደግሞ ኤፕሪል 12። ስለዚህ ሜይ 2024 ከበዓሉ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት የግርግር ቀናት ይዟል፤ ሜይ 2025 አንድም የለውም። ነጋዴዋ ሁለቱን ሜዮች ብታወዳድር የሌለ ውድቀት ታያለች። ኢድ አልፈጥርም በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ለዚህ ነው በ2024 ኤፕሪል ላይ የነበረው የኢድ ሸመታ በ2025 ወደ ማርች የተሻገረው።

የሚሻለው ከቀን መቁጠሪያው ወር ወጥቶ ከበዓሉ ተነሥቶ መቁጠር ነው። ተለክቶ የሚሰፋ ቀሚስ ቀደም ብሎ ስለሚታዘዝ ከፋሲካ በፊት ያሉትን 21 ቀናትና ከፋሲካ ዕለት ጀምሮ ያሉትን 21 ቀናት እንውሰድ። በ2024 የዋዜማው ክፍል ከኤፕሪል 14 እስከ ሜይ 4፣ የማግስቱ ከሜይ 5 እስከ ሜይ 25 ነው። በ2025 ደግሞ የዋዜማው ከማርች 30 እስከ ኤፕሪል 19፣ የማግስቱ ከኤፕሪል 20 እስከ ሜይ 10 ይሆናል።

የነጋዴዋ ደብተር በ2024 ለዋዜማው 100፣ ለማግስቱ 25 ትዕዛዝ ያሳያል እንበል። በ2025 ደግሞ 140 እና 42። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ ያለው ገበያ አምና የዋዜማውን 25 በመቶ ያህል ነበር፤ ዘንድሮ 30 በመቶ ሆኗል። በወር ሲታይ ውድቀት የመሰለው ነገር በበዓል ሲቆጠር ከአምናው የባሰ አይደለም። ቀሪዎቹ የሜይ 21 ቀናት 58 ትዕዛዝ ይዘዋል፤ በቀን ሲካፈል ከፋሲካ ማግስት ይበልጣል። ይህም የሚጠበቅ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ሰኔ ጾም ያለው ጊዜ የሠርግ ወራት ነው። የበዓል ቀሚስ ገዢ ሲሄድ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ፈላጊ ይመጣል። ለእሱ ያንኑ የበዓል ማስታወቂያ ማሳየት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ንጽጽሩ በብር ሳይሆን በድርሻ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። በ2024 ፋሲካና በ2025 ፋሲካ መካከል፣ በጁላይ 29 ቀን 2024፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፌስቡክ ማስታወቂያ በዶላር ለሚከፍል ነጋዴ የሁለቱን ዓመታት የአንድ ትዕዛዝ ወጪ በብር ማወዳደር ስለማስታወቂያው ምንም አይነግረውም፤ የሚያሳየው የምንዛሪውን ለውጥ ነው። በየዓመቱ ውስጥ ዋዜማን ከማግስት ማካፈል ይህን ያስወግዳል፤ ሁለቱም ክፍሎች በተቀራራቢ ተመን የተከፈሉ ናቸውና።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። 25 እና 42 ትናንሽ ቁጥሮች ናቸው። ምንም ነገር ሳይለወጥ በአጋጣሚ ብቻ 25ቱ 20 ወይም 30 ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ከ25 ወደ 30 በመቶ መውጣቱን «ማስታወቂያው ተሻሽሏል» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። ከዚህ ቁጥር በሐቀኝነት ሊባል የሚችለው የመበላሸት ምልክት አልታየም የሚለው ብቻ ነው። ለማስታወቂያ ማቆም ውሳኔ ግን ይህ በቂ መልስ ነው።

የሜይን ሪፖርት ጁን 1 ቀን ጠዋት መክፈትም ሌላ ወጥመድ አለው። በድረ ገጽ በኩል የሚሸጡ ሱቆች የሜታን መለኪያ ሲጠቀሙ፣ ማስታወቂያውን ነክቶ እስከ ሰባት ቀን ድረስ የገዛ ሰው በተለመደው አሠራር ለማስታወቂያው ይቆጠራል፤ ግዢውም ማስታወቂያው ወደታየበት ቀን ተመልሶ ይመዘገባል። ስለዚህ የወሩ የመጨረሻ ቀናት ሁልጊዜ ያልሞሉ ሆነው ይታያሉ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ማየት ብቻ ቁጥሩን ያስተካክለዋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ገዢው ወቅት ነው። የማስታወቂያ ቦታውም የራሱ ወቅት አለው፤ ይህንን በደንብ የሚያውቁት ወደ ውጭ የሚሸጡ ናቸው። በፌስቡክ የእይታ ዋጋ የሚወሰነው በጨረታ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ አበሻ ቀሚስ የሚያስተዋውቅ የሽሮ ሜዳ ሱቅ ለዚያ ሰው ዓይን የሚጫረተው ከትልልቅ የአሜሪካ መደብሮች ጋር ነው። እነሱ ደግሞ ከምስጋና ቀን ማግስት እስከ ፈረንጅ ገና ድረስ ገንዘብ ያፈሳሉ። የምስጋና ቀን የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ እሱም ይንቀሳቀሳል። በ2023 ከበዓሉ ቀጥሎ ያለው የኦንላይን ቅናሽ ሰኞ ኖቬምበር 27 ላይ ሲውል በ2024 ወደ ዲሴምበር 2 ተሻገረ። የሁለቱን ዓመታት ኖቬምበር ያወዳደረ አሜሪካዊ ነጋዴ በዓመቱ ከሚጠብቃቸው ትልልቅ የሽያጭ ቀናት አንዱን አጥቶ ነው የሚያወዳድረው።

ለሽሮ ሜዳው ሱቅ የኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑ ነገሩን ያጠብቀዋል። ከዲሴምበር 25 በኋላ የእይታ ዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን ያኔ የታዘዘ ቀሚስ ተሰፍቶና በአውሮፕላን ተጭኖ ለበዓሉ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። ትዕዛዙ መሰብሰብ ያለበት ጨረታው በሚጦፍበት በዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ከሦስቱ ቁጥሮች የሚያሻቅበው የሺህ እይታ ዋጋ ሲሆን ንክኪውና አይቶ የሚያዝዘው ሰው ባሉበት ይቆያሉ፤ ከፋሲካ ማግስት ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ተቃራኒ ነው። መደረግ ያለበትም እንዲሁ ይለያል። በሜይ የሚቀየረው የሚታየው ቀሚስ ነው። በዲሴምበር ደግሞ ማስታወቂያውን አስቀድሞ ለሚያውቁት፣ ማለትም አምና ለገዙና ለጻፉ ደንበኞች ብቻ አጥብቦ ማሳየት፣ አዲስ ደንበኛ የማፈላለጉን ሥራም ዋጋው ለሚረክስበት ለጃንዋሪ ማቆየት ያዋጣል።